ጋሼ፣ ጳጉሜ 3 መጥተው ያናግሩን

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልን። እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኛ ክረምቱን በእድሩ አዳራሽ ተማሪዎች የምናስጠናው የሰኞ ገበያ ልጆች ነን። መጥተን ደጅዎ ላይ መጠየቅ ነበረብን፣ እንመጣለንም። ግን አስቀድመው እንዲያስቡበት ብለን ነው የጻፍንልዎ።

ማክሰኞ ጳጉሜ 3 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ እዚያው እድሩ አዳራሽ ተማሪዎቹን እንዲያናግሩልን እንፈልጋለን። ቀኑ በዓለም ዙሪያ የማንበብና የመጻፍ ቀን ሆኖ ይከበራል፤ እኛም የክረምቱን ጥናት የምንዘጋው በዚያው ቀን ነው።

እርስዎን የመረጥንበት ምክንያት አንድ ነው። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ገጠር ወርደው በኩራዝ ብርሃን ፊደል ያስቆጠሩ ሰው ነዎት። ልጆቹ ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች እንደተሰጠ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ዓለም አቀፍ ሽልማት እንዳስገኘ ከእኛ ሰምተዋል። ግን ቁጥር ብቻ ነው የሆነባቸው። ቀን ሲያርሱ ውለው ማታ ስለሚመጡት ገበሬዎች፣ ልጅ አዝለው «ሀ ሁ» ስለሚሉት እናቶች፣ ስማቸውን መጀመሪያ የጻፉ ቀን ፊታቸው ምን ይመስል እንደነበር፣ ይህን ከእርስዎ አፍ ይስሙት። ለቅሶ ቤት የነገሩን ጊዜ እኛ ራሳችን ከዚያ ወዲህ ደብተር የያዝንበት መንገድ ተለውጧል፣ እውነታችንን ነው።

የሚሰሙዎት ሰማንያ የሚሆኑ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ልጆች ናቸው፤ ወላጆችም ይኖራሉ። ግማሽ ሰዓት ቢያወሩልን ይበቃል፣ ከዚያ ልጆቹ ሃያ ደቂቃ ያህል ይጠይቁዎታል። የተጻፈ ንግግር አያስፈልግም፤ ቁጭ ብለው እንደሚያጫውቱን ያጫውቷቸው። ጊዜው ከባድ እንደነበርና ሰው በግድ የተማረበትም ቦታ እንደነበረ ነግረውናል። እሱንም ሳይሸፍኑ ይንገሯቸው፣ ልጆቹ አይጠፋቸውም። ያ ያስቀመጡት የድሮ ማስተማሪያ መጽሐፍ ካለ ይዘውልን ይምጡ፣ ከእጃችን አይወጣም። በስልክ ልንቀርጽዎት እንፈልጋለን፤ ካልፈቀዱ ግን እንተወዋለን።

ክፍያ የለንም፣ አናስመስልም። ባጃጅ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ቤትዎ ድረስ እንልካለን፣ ዝናብ ቢሆንም አይቀርም። ደረጃውን አንዳችን ደግፈን እናወጣዎታለን። ሲጨርሱ ቡና ተፈልቶ ይጠብቅዎታል፤ ከስድስት ሰዓት በፊትም ቤትዎ እናደርስዎታለን፣ የበዓል ሰሞን መሆኑን እናውቃለን።

እሁድ ከሰዓት ሁለታችን መጥተን መልስዎን እንሰማለን። ቀኑ ካልተመቸዎት ለእርስዎ ብለን በማግስቱ ረቡዕ እናደርገዋለን።

አክባሪ ልጆችዎ፣
የሰኞ ገበያ አስጠኚዎች፣ ደሴ