የመጀመሪያው ዙር ዩኤቲ አላለፈም፦ ምክንያቱና ቀጣዩ እቅድ

ሰላም ወ/ሮ ሂሩት፣ እንዴት ሰነበቱ?

አርብ ያለቀው የቁጠባና ብድር ሲስተሙ ዩኤቲ አላለፈም፣ ስለዚህ ህዳር 15 ላይቭ መውጣቱ አይሆንም፤ አዲሱ ቀን ታህሳስ 6 ሰኞ ይሁንልን ነው የምንለው። ከ64ቱ ቴስት ኬስ 41 አልፏል፣ 17 ወድቋል፣ 6ቱ ጭራሽ አልተሞከሩም። ቁጠባና ሼር ላይ ምንም ችግር የለም።

ትልቋ ጣጣ ጳጉሜ ናት፣ ከወደቁት 11ዱ የመጡት ከሷ ነው። ሲስተሙ ከነሐሴ 30 ዘሎ መስከረም 1 ይገባል። ለምሳሌ ካሸሮቻችሁ ነሐሴ 1/2017 የወጣ 60,000 ብር ብድር በ15% እስከ ጥቅምት 1/2018 አስልተው 65 ቀን መምጣት ሲገባው 60 መጣ፣ 123 ብር ከ29 ሳንቲም ወለድ የት እንደገባ አይታወቅም። የአንድ ሰው ሲሆን ትንሽ ነው፣ የሁሉም ተበዳሪ ሲደመር ግን ኦዲተር አያሳልፈውም። እኛ ጋ ያልተያዘው የውስጥ ቴስታችን ዳታ በሙሉ ከጥር እስከ ሰኔ ያለ ስለነበር ነው። አሁን ጳጉሜ 5 የሆነችበትንም 6 የሆነችበትንም ዓመት ጨምረናል።

4ቱ የስም ፍለጋ ናቸው። «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበን አባል ካሸሯ «ሀይሉ» ብላ ስትፈልገው የለም ይላታል፣ እሷም አዲስ አካውንት ትከፍትለታለች። ከዚህ በኋላ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ እንዲሁም ሰና ሠ፣ ጸና ፀ ፍለጋ ላይ እንደ አንድ ይታያሉ፣ ደብተሩ ላይ ግን ስሙ እንደተጻፈው ይወጣል። የቀሩት 2 የደረሰኝ ፕሪንት ናቸው፣ ቀላል ነው፣ ዛሬ ያልቃሉ።

ያልተሞከሩት 6ቱ ኤስኤምኤስ ናቸው። ከቅርንጫፍ የመጣው ኤክሴል የስልኩን የፊት ዜሮ በልቶታል፣ እሱን በስክሪፕት መልሰናል፣ ግን ዲጂት የጎደላቸውን ቁጥሮች ቅርንጫፎቹ ራሳቸው ካላስተካከሉ እኛ ከየትም አናመጣቸውም። ዝርዝሩን አያይዣለሁ።

እንግዲህ እቅዱ፦ እስከ ረቡዕ ህዳር 10 ሁሉም ፊክስ ያልቃል ብለን ነበር፣ በጥድፊያ ከምንሰራው ግን ህዳር 12 አድርገነዋል። ከህዳር 15 እስከ 18 ሙሉውን እኛ ደግመን እንፈትሻለን፣ ያለፈውንም ጭምር፣ ብድሩ ሲነካ ቁጠባው እንዳይበላሽ። ሁለተኛው ዩኤቲ ከህዳር 22 እስከ 26 ነው፣ በዛ ሳምንት ቨርዥን አይቀየርም፤ ባለፈው ረቡዕ መሃል ላይ ስለተቀየረ ሁለት ካሸር አንድ ብድር ላይ የተለያየ መልስ አግኝተው ነበር። ወለድ ላይ አንድም ስህተት ካለ ታህሳስ 6ንም አንወጣም፣ ከአሁኑ ብናገር ይሻላል። ለዚህ ሁሉ ተጨማሪ ክፍያ አንጠይቅም።

ከናንተ ሁለት ነገር እፈልጋለሁ፦ እስከ ረቡዕ ህዳር 10 ፋይናንስ የጳጉሜ ወለድ በቀን ይታሰብ ወይስ አይታሰብ በጽሁፍ ያረጋግጥልን፣ ውሉ በቀን ይላል ግን የድሮው ኤክሴላችሁ ወሩን 30 አድርጎ ነው የሚያሰላው፣ ሁለቱ አይገጥሙም። የስልክ ዝርዝሩ ደግሞ እስከ ህዳር 17 ቢመለስልን።

ነገ 4 ሰዓት ላይ ቢመችዎት ደውዬ አብረን እናየዋለን።

ዳዊት
ፕሮጀክት ማናጀር