የቀን ተረኛ

ታደሰ ወደ ቀን ፈረቃ እንዲዛወር ማመልከቻ ያስገባው አምና ከፋሲካ በፊት ነበር። ሌሊት ቆሞ ቀን ሲተኛ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ልጁ ሶስና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የዐይኑን ሽፋን በጣቷ እየገለጠች «አባዬ፣ ነቃህ?» ማለት ለምዳለች። ማመልከቻው ላይ ግን «በቤተሰብ ጉዳይ» ብሎ አለፈው። የዐይን ሽፋን ነገር ለኃላፊ አይጻፍም።

መልሱ የመጣው ሶስና ኬጂ ልትገባ ሦስት ቀን ሲቀራት ነው። ዓርብ ምሽት የጥበቃ ኃላፊው ቦሌ ወዳለው ሕንፃ መጥቶ፣ «ከሰኞ ጀምሮ የቀን ነህ፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12። ጋሽ ተካ ወደ ሌሊት ይዞራሉ። እንኳን ደስ አለህ!» አለው። ታደሰ ጎንበስ ብሎ አመሰገነ። ራሱ የለመነውን እንዴት አልፈልግም ይበል?

ሌሊቱን በር ላይ ቆሞ ሲያሰላ አደረ። በሌሊቱ ፈረቃ ቢቆይ 12 ሰዓት ላይ አስረክቦ በመገናኛ በኩል ኮተቤ ካራ ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃው ነበር፤ ትምህርት ቤት የሚገባው 2 ሰዓት ነው። ፊቱን ታጥቦ እጇን ይዞ ያደርሳት ነበር። አሁን ግን እሷ ሳትነቃ ይወጣል፤ ሲመለስ ደግሞ ተኝታ ያገኛታል።

ቅዳሜ ቤት ውስጥ የምሳ ዕቃ ጭቅጭቅ ነበር። ባለቤቱ ዘነበች የመንግሥት ትምህርት ቤት ቁርስና ምሳ እንደሚያበላ ደጋግማ ብታስረዳም ሶስና አልሰማ አለች። የጎረቤት ልጅ ሮዝ ምሳ ዕቃ አላት።

«ባዶውን እይዘዋለሁ» አለች ሶስና። «አባዬ ይሸከምልኛል።»

ዘነበች ባሏን አየችው። እሱ ጫማ መጥረግ ጀመረ።

እሑድ አመሻሹ ላይ ለጋሽ ተካ ደወለ። የሚከብደው ይህ ነበር። ስድሳ ዓመት ያለፋቸውን፣ ጉልበታቸውን ብርድ የሚያማቸውን ሰው ወደ ሌሊት የገፋቸው የእሱ ማመልከቻ ነው፤ እሳቸው ይህን ይወቁት አይወቁት እርግጠኛ አይደለም።

«ጋሽ ተካ፣ ነገ እስከ 3 ሰዓት ቢቆዩልኝ... ልጄ ትምህርት ትጀምራለች።»

ስልኩ ዝም አለ። ከዚያ ሳል ተሰማ።

«አንተ የቀን ፈረቃ የጠየቅኸው ለእሷ ብለህ አልነበር?»

«ነበር።»

«እሺ፤ እቆያለሁ። ስትመጣ ትኩስ ዳቦ ያዝልኝ።»

ሰኞ ጧት መንገዱ ጭቃ ነበር፤ ዝናቡ ገና ጨርሶ አልወጣም። ታደሰ የጥበቃ የደንብ ልብሱን ለብሶ፣ በአንድ እጁ ባዶውን ምሳ ዕቃ፣ በሌላው ሶስናን ይዞ ወረደ። ሹራቧ ሰፍቷት እጅጌው ሁለት ጊዜ ተጠቅልሏል። በሩ ላይ ወላጅ ተኮልኩሏል። አንዷ ታለቅሳለች፤ ልጇ አይደለም፣ እናትየዋ። ታደሰ ልጁን ይዞ ሊገባ ሲል አንድ ወጣት ዘበኛ ዱላውን አግድም ዘረጋ።

«ወላጅ እስከዚህ ነው።»

ታደሰ ራሱ ስንት ጊዜ ያለው ቃል ነው! «ባለጉዳይ እስከዚህ ነው።» ለመጀመሪያ ጊዜ ከዱላው ወዲህ ቆሞ ሰማው። ወጣቱ የደንብ ልብሱን አይቶ ትንሽ አፈረ፤ ዱላውን ግን አላነሣም። ታደሰም በሆዱ ጎበዝ አለው።

ሶስና ምሳ ዕቃውን ተቀበለች። ከዱላው ሥር ጎንበስ እንኳን ሳትል አለፈች፤ ቁመቷ ገና ነው። ዞራ ታያለች ብሎ ጠበቀ። መምህሯ እጇን ያዘቻት፤ ሄደች።

መገናኛ ላይ የታክሲው ሰልፍ ረዝሞ ሕንፃው ጋ ሲደርስ 3 ሰዓት ከ20 ሆኖ ነበር። ጋሽ ተካ ጋቢያቸውን በደንብ ልብሳቸው ላይ ደርበው ወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል። ዐይናቸው ቀልቷል። ዳቦውን ተቀብለው መዝገቡን ገፋ አደረጉለት። በእጅ ጽሑፋቸው «ሰላም አድሯል። 12:00 አስረክቤያለሁ» ብለው ፈርመዋል። የሱ ቦታ ብቻ ክፍት ነው።

«12 ብለህ ፈርም፤ ማንም አልመጣም።»

ታደሰ እስክሪብቶውን ይዞ ጥቂት ቆመ። ከዚያ «3:20 ተረክቤያለሁ» ብሎ ጻፈ። የእሳቸውንም 12 በአንድ መስመር ሰርዞ «ለእኔ ሲሉ የቆዩ» የሚል ጨመረበት። «የመዘግየት ምክንያት» የሚለው ዓምድ ሁልጊዜ የሚሞላው በአንድ ቃል ነው፦ ታክሲ፣ ታክሲ፣ ታክሲ። እሱ «ልጄን ትምህርት ቤት አድርሼ» ብሎ ሞላው።

ጋሽ ተካ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት።

«የግማሽ ቀን ይቆርጡብሃል» አሉ ዳቦውን እየቆረሱ። «ታክሲ ብትል ይሻል ነበር።»

ከውጭ መኪና ጡሩምባ ነፋ። ታደሰ በሩን ሊከፍት ሄደ።