በጋራ የምንገለገልበት የልብስ ማጠቢያ ማሽን ውሃ እያፈሰሰ በመሆኑ እንዲጠገን ስለመጠየቅ

ጅማ
ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወይዘሮ ፋጡማ
አጋሮ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እርስዎም ሆኑ ቤተሰብዎ ክረምቱን በጤና እንደያዛችሁት ተስፋ አደርጋለሁ።

ስሜ ሰላማዊት ሲሆን፣ ቦሳ ቂጦ በሚገኘው ግቢዎ ከመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ክፍል ቁጥር 4ን ተከራይቼ እኖራለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በግቢው የምንኖር አምስት ተከራዮች በጋራ የምንገለገልበት የልብስ ማጠቢያ ማሽን ከሦስት ሳምንት በላይ ውሃ እያፈሰሰ በመቆየቱ፣ ጉዳቱም ከማሽኑ አልፎ ወደ ቤቱ ግድግዳና ወደ ኤሌክትሪክ መስመሩ እየደረሰ በመሆኑ ነው። ባለፈው ወር በስልክ ባነሳሁልዎት ጊዜ የመኪናው ድምፅ ስላላስደማመጠን ነገሩ በቅጡ እንዳልተብራራ ይሰማኛል፤ ስለዚህ ያየሁትን ሁሉ በጽሑፍ በዝርዝር ማቅረቡ ለእርስዎም ለውሳኔ ይመችዎታል ብዬ አሰብኩ።

ፍሳሹን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ሐምሌ 20 ቀን፣ እሁድ፣ የእኔ የማጠቢያ ተራ በነበረበት ዕለት ነው። ማሽኑ ልብሱን ጨምቆ ሲያበቃ ከሥሩ በግምት አንድ የቡና ስኒ የሚሞላ ውሃ ሊሾው ላይ ተኝቶ አገኘሁ። በሩን አጥብቄ ያልዘጋሁት መስሎኝ ወለሉን ወልውዬ ተውኩት። በቀጣዩ ሳምንት የክፍል 2 እና የክፍል 5 ተከራዮችም ተመሳሳይ ነገር እንዳጋጠማቸው ነገሩኝ። ነሐሴ 3 ቀን ደግሞ ውሃው ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ደፍ አልፎ በረንዳው ላይ ደርሶ ነበር።

ምክንያቱን ሳናጣራ እርስዎን ማስቸገር ተገቢ ስላልመሰለን፣ ነሐሴ 10 ቀን ቅዳሜ ጠዋት ከጎረቤቶቼ ጋር ሆነን አንድ ሙከራ አደረግን። ወለሉን እስኪደርቅ ወልውለን፣ ማሽኑን ከግድግዳው በመጠኑ ፈቀቅ አድርገን፣ ሥሩ ደረቅ ካርቶን አነጠፍንና ልብስ ሳንጨምር በባዶው አስነሳነው። ውሃ በሚሞላበት ጊዜ ካርቶኑ ደረቅ እንደሆነ ቆየ፤ ከቧንቧው የሚመጣው ቱቦም ሆነ መጋጠሚያው እርጥበት አልነበረውም። የፊት ለፊቱ በርና ክብ ላስቲኩም በእጃችን ስንዳብሰው ደረቅ ነበር። ከበሮው መዞር ከጀመረ በኋላ ግን ከጀርባው መሐል ላይ፣ ቀበቶው ከሚዞርበት ትልቅ ጎማ በስተኋላ፣ አንድ አንድ ጠብታ መውረድ ጀመረ፤ ማሽኑ ለመጭመቅ በኃይል ሲሽከረከር ጠብታው ወደ ቀጭን ፍሳሽ ተለወጠ። ካርቶኑን ስናወጣው መሐሉ ላይ የዝገት መልክ ያለው ቡናማና ቅባት የነካው ክብ ምልክት ቀርቶበት ነበር። ካርቶኑን አድርቄ አስቀምጬዋለሁ፤ ባለሙያው ሲመጣ አሳየዋለሁ። በዚሁ ሰዓት የሚሰማው ድምፅ ቀድሞ ከምናውቀው የተለየ ነው፤ ድንጋዩ የላላ ወፍጮ እንደሚያጓራው ያለ ድምፅ ያሰማል።

እኔ የማሽን ባለሙያ አይደለሁም፤ የመጨረሻው ፍርድ የጠጋኙ ነው። ሆኖም ውሃው የሚወጣው ከጀርባ መሐል መሆኑ፣ ቀለሙና ድምፁ ሲደመር፣ ከበሮውን በተሸከመው ዘንግ ዙሪያ ያለው ውሃ ከላካይ ላስቲክ ማለቁንና ውሃው ወደ ኩሽኔታው መግባቱን የሚያመለክት ይመስለኛል። ይህ ከሆነ ደግሞ መዘግየቱ ያስከፍላል። ላስቲኩ ካለቀ በኋላ ማሽኑን ማሠራት በቀጠልን ቁጥር ውሃው የኩሽኔታውን ግራሶ አጥቦ ያወጣዋል፣ ኩሽኔታው ይዝጋል፣ በስተመጨረሻም ዘንጉ ራሱ ይበላል፤ ዛሬ ላስቲክና ኩሽኔታ በመለወጥ የሚያልቀው ሥራ ነገ ማሽኑን እስከ መጣል ሊያደርስ ይችላል።

ስለ አያያዛችንም ሳልደብቅ መናገር ይኖርብኛል። በሐምሌ ወር መጀመሪያ ከመካከላችን አንዱ ከባድ ብርድ ልብስ በማሽኑ አጥቧል፤ ማሽኑ የሚችለው ሰባት ኪሎ ስለሆነ ይህ ሊደረግ አይገባም ነበር፤ እሱም አምኖ ዳግመኛ እንደማያደርገው ነግሮናል። አንዳንዶቻችን ለእጅ እጥበት የሚሆነውን ብዙ አረፋ የሚያወጣ የዱቄት ሳሙና እንጠቀም ስለነበር፣ ፍሳሹ ከአረፋው ይሆናል ብለን ለአንድ ሳምንት ሳሙናውን በግማሽ ቀንሰን አየነው፤ ለውጥ አልነበረውም። ከፊት በታች ያለውን ማጣሪያም ከፍተን ሁለት ቁልፍና አንድ የብር ሳንቲም አውጥተን፣ አጽድተን፣ በደንብ አጥብቀን መልሰነዋል። ፍሳሹ በዚህም አልቆመም።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን የኤሌክትሪኩ ነገር ነው። ማሽኑ የሚሰካው ወለል ላይ በተቀመጠ ማከፋፈያ ነው፤ ውሃው ደግሞ የሚሄደው በዚያው አቅጣጫ ነው። ነሐሴ 3 ቀን የክፍል 3 ተከራይ እህታችን ልብሷን ልታወጣ እርጥብ እጇን የማሽኑ ብረት ላይ ስታሳርፍ ነዝሯታል። በዕለቱ ደህና ብትሆንም፣ ባዶ እግሯን በእርጥብ ሊሾ ላይ ቆማ ቢሆን ኖሮ ሊደርስ የሚችለውን ሳስበው እንቅልፍ ይነሳኛል። የሁለት ዓመት ልጅዋ ቀኑን ሙሉ በዚያ በረንዳ ላይ ትጫወታለች። በዚህ ምክንያት ከነሐሴ 10 ቀን ሙከራችን በኋላ ማሽኑን ከሶኬት ነቅለን፣ የውሃውን ቧንቧ ዘግተን፣ «የተበላሸ ነው፣ አትንኩ» የሚል ወረቀት በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ለጥፈንበታል። እስኪጠገን ድረስ ማንም እንዳይጠቀምበትም ተስማምተናል።

ሌላው ግድግዳው ነው። የልብስ ማጠቢያው ክፍልና ክፍል 3 የሚጋሩት ግድግዳ የጭቃ ምርጊት እንደሆነ ያውቃሉ። ውሃው የተከማቸው በዚያ ግድግዳ እግር ሥር በመሆኑ፣ ከወለሉ እስከ አንድ ክንድ ከፍታ ድረስ ቀለሙ አብጦ ተነስቷል፤ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። ትናንት ማታ በክፍል 3 በኩል ከአልጋው ጀርባ የእጅ መዳፍ የሚያህል ምርጊት ወድቆ ጭዱና ማገሩ ታይቷል። የጅማን ክረምት ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል፤ እስከ ጥቅምት ድረስ ዝናቡ ስለማያቋርጥ ይህ ግድግዳ በራሱ ጊዜ ይደርቃል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

ማሽኑ ለእኛ የምቾት ዕቃ ብቻ አይደለም። እኔ የምሠራው በጤና ሙያ ነው፤ ነጭ ጋዋኔን በየቀኑ ለውጬ መግባት አለብኝ፣ የሌሊት ተራ ሲሆንም ቀን ላይ የሚተርፈኝ ሰዓት ጥቂት ነው። በእጅ የታጠበ ልብስ በዚህ ወቅት ሦስት ቀን ተሰጥቶም ሽታ ይዞ ይወርዳል፤ ማሽኑ ጨምቆ ሲያወጣው ግን አንድ ቀን በረንዳ ላይ ቢያድር ይበቃዋል። ቤቱን ስከራይም ማሽኑ መኖሩን ቆጥሬ ነው የተስማማሁት፤ በውላችን በአምስተኛው ተራ እንደተጻፈውም እያንዳንዳችን ለማሽኑ አገልግሎት በወር 300 ብር ከኪራዩ ጋር እንከፍላለን፣ ከአያያዝ ጉድለት ውጪ የሚደርስ ብልሽት ደግሞ በአከራይ ወጪ ይጠገናል። የፍትሐ ብሔር ሕጉም አከራይ ያከራየውን ነገር ለታሰበለት አገልግሎት በሚመች ሁኔታ እንዲጠብቅ ያዛል። ይህን የምጠቅሰው ለክርክር አይደለም፤ እስከ ዛሬ ችግር በገጠመን ቁጥር ሰምተው እንደፈቱልን አልዘነጋሁም። አምና ሮቶው ሲሰነጠቅ በሁለት ቀን ውስጥ አስለውጠውልናል።

ስለዚህ የማሽን ጠጋኝ እስከ ፊታችን ቅዳሜ ነሐሴ 17 ቀን ድረስ ልከው እንዲያስመረምሩልን በትሕትና እጠይቃለሁ። ጠጋኙ የከበሮውን ላስቲክና ኩሽኔታ፣ እንዲሁም ከታች ወደ ፓምፑ የሚወርደውን ቱቦና ፋሼታውን እንዲያይ ቢነግሩልን መልካም ነው። ከዚሁ ጋር አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሶኬቱን ከወለሉ አንስቶ ግድግዳው ላይ ከፍ አድርጎ እንዲገጥመው፣ የመሬት መስመሩንም እንዲፈትሽ እለምናለሁ፤ ማሽኑ ቢጠገን እንኳ ይህ ሳይሠራ መልሰን ብንሰካው ሥጋታችን አይቀረፍም። የግድግዳው ምርጊት ግን ፍሳሹ ከቆመና እርጥበቱ ከወጣለት በኋላ ቢሠራ ይሻላል፤ አሁን ቢለሰን መልሶ ይፈርሳል።

በቡና ሥራና በመንገዱ ምክንያት ከአጋሮ መምጣት ካልተመቸዎት፣ ፈቃድዎ ከሆነ እኔ ጠጋኝ ፈልጌ ላስመጣ እችላለሁ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ዋጋውን ጠይቄ በስልክ አሳውቅዎታለሁ፤ እርስዎ ሲስማሙ ብቻ አሠርቼ፣ የዕቃውንና የእጅ ዋጋውን ደረሰኝ ከአሮጌዎቹ ዕቃዎች ጋር አስቀምጬ፣ ወጪው ከመስከረም ወር ኪራይ ላይ እንዲታሰብልኝ እጠይቃለሁ። ያለ እርስዎ ፈቃድ ማሽኑን የሚፈታ ሰው ወደ ግቢው አላስገባም።

በዚህ ሳምንት የቀን ተራ ላይ ስለሆንኩ ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ ቤት እገኛለሁ፤ ቅዳሜ ደግሞ ቀኑን ሙሉ አለሁ። የክፍል 3 እህታችን ቀን ቀን ከቤት ስለማትወጣ ጠጋኙ በሌላ ቀን ቢመጣ በሩን ትከፍትለታለች፤ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ቁልፍ እሷ ዘንድ ነው። ማሽኑ ሳይሠራ ለሚቆይባቸው ቀናት የ300 ብሩ ክፍያ እንዴት እንደሚታሰብም መልስ ሲሰጡኝ ቢገልጹልኝ ለሁላችንም አስረዳለሁ።

የካርቶኑን፣ የግድግዳውንና የማከፋፈያውን ፎቶ ዛሬ ማታ ለልጅዎ በቴሌግራም እልክለታለሁ፤ እንዲያሳይዎት ይጠይቁት። መልስዎን በስልክም ሆነ በልጅዎ በኩል እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ሰላማዊት
የክፍል ቁጥር 4 ተከራይ

ግልባጭ፦
ለክፍል ቁጥር 1፣ 2፣ 3 እና 5 ተከራዮች