ማሽኑን አቁሚ፦ ለአዲስ ሠራተኞች የደህንነት ሥልጠና ቪዲዮ ስክሪፕት

ቦታ፦ አቃቂ ቃሊቲ፣ የልብስ ስፌት ፋብሪካ
ተናጋሪዎች፦ ተራኪ (ድምፅ ብቻ)፣ የላይን ሱፐርቫይዘር (ነባር፣ ሁሉም «እትዬ» የሚሏት)፣ አዲስ ኦፕሬተር (ወጣት ሴት)፣ መካኒክ

ለቀረጻ ቡድኑ፦ ማሽኖቹ በሥራ ላይ እንዳሉ ይቀረጹ። ለእንግዳ ተብሎ የተወለወለ ፋብሪካ ብናሳይ ሠራተኛው ይስቅብናል።

ትዕይንት 1፦ መግቢያ በር

ምስል፦ ጠዋት 1:15። ሠራተኞች ከሰርቪስ ይወርዳሉ። አዲሷ ኦፕሬተር ነጠላ ደርባ፣ ክፍት ጫማ አድርጋ ትገባለች።

ተራኪ፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ ስፌት አናስተምራችሁም። እሱን ላይን ላይ ትለምዱታላችሁ።

እትዬ፦ የኔ እህት፣ ነጠላውን ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጪው። ቀለበቱንና ረጅሙን የጆሮ ጌጥም እንደዚሁ።

አዲስ ኦፕሬተር፦ ይበርደኛል እኮ እትዬ።

እትዬ፦ ሹራብ ልበሺ፣ እጅጌው ግን ጠበብ ያለ ይሁን። ነጠላ ጫፉ የማሽኑ ቀበቶ ላይ ከተጠመጠመ አንገትሽን ይዞ ነው የሚስብሽ። ሻሽሽን ደግሞ ጫፉን ወደ ውስጥ ሸጉጪው።

ተራኪ፦ ጫማ ድፍን ይሁን። ፀጉር ይታሰር። አቧራ ባለበት ማስክ፣ ጩኸት ባለበት የጆሮ መድፈኛ ይሰጣችኋል። ዋጋው ከደመወዝ አይቆረጥም።

ትዕይንት 2፦ ስፌት ላይን

ምስል፦ ቅርብ ቀረጻ፤ መርፌው ከእነ ጣት መከላከያው። ኦፕሬተሯ መከላከያውን ወደ ጎን ገፋ ታደርጋለች።

እትዬ፦ ለምን አነሳሽው?

አዲስ ኦፕሬተር፦ ክር ለማስገባት ያስቸግራል። ታርጌቱም አልደረሰልኝም።

ተራኪ፦ ይህን ምክንያት በየቀኑ እንሰማለን፤ ውሸትም አይደለም። ክር ለማስገባት፣ ቦቢን ወይም መርፌ ለመቀየር ግን ቅደም ተከተሉ አንድ ነው። መጀመሪያ እግር ከፔዳሉ ይነሳል። ከዚያ ማብሪያው ይጠፋል። ከዚያ ይጠበቃል።

ምስል፦ መካኒኩ ማብሪያውን ያጠፋል፤ ፔዳሉን በእጁ ሲጫን መርፌው አሁንም ይወርዳል።

መካኒክ፦ አያችሁ? ጠፍቷል፣ ግን ሞተሩ በነበረበት ኃይል እየዞረ ነው። የድሮዎቹ ሞተሮች እንዲህ ናቸው። ድምፁ ጸጥ ሳይል እጅ አይገባም።

ተራኪ፦ መርፌ ጣት ውስጥ ከገባ በጉልበት አትጎትቱ። ማሽኑን አጥፉ፣ ተጣሩ። ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ወደ ክሊኒክ ይኬዳል፤ የመርፌው ስባሪ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፣ የቴታነስ ክትባትም ያስፈልግ ይሆናል።

ምስል፦ የተሰበረ መርፌ ቁርጥራጮች መዝገብ ላይ በፕላስተር ተለጥፈዋል።

እትዬ፦ መርፌ ሲሰበር ስባሪው በሙሉ ተለቅሞ እዚህ ይለጠፋል። አንድ ቁራጭ ከጎደለ ልብሱ ከላይኑ ይወጣል። የምንሰፋው የሕፃን ልብስ ነው፤ የጎደለው ቁራጭ የሕፃን ገላ ላይ እንዲገኝ አልፈልግም።

ተራኪ፦ ማሽን ከተበላሸ የሚከፍተው መካኒክ ብቻ ነው። እሱም መጀመሪያ ኃይሉን ከምንጩ ያቋርጣል፣ ይቆልፋል፣ «እየተጠገነ ነው» የሚል ካርድ ያንጠለጥላል። ቁልፉ በኪሱ ይቆያል። ካርዱን ሌላ ሰው አያነሳውም፤ ሥራ አስኪያጁም ቢሆን።

ትዕይንት 3፦ ቆረጣ እና ካውያ

ምስል፦ ቆራጩ የብረት ጓንት ለብሶ በጨርቅ ክምር ላይ ምላጩን ይነዳል።

ተራኪ፦ የብረት ጓንቱ የሚለበሰው ጨርቁን በሚይዘው እጅ ላይ ነው። ጓንቱ ቢከብድም ምላጩ ክምር ጨርቅ እንዴት እንደሚቆርጥ ያየ ሰው አያወልቀውም።

ምስል፦ የካውያ ክፍል፤ እንፋሎት።

ተራኪ፦ እዚህ ሙቀቱ ያደክማል፤ በጾም ወራት ደግሞ ይብሳል። ራስ ሲያዞር ካውያውን አስቀምጣችሁ ለሱፐርቫይዘራችሁ ንገሩ። የምትጾሙ አስቀድማችሁ ብትነግሩን ቦታ መቀያየር ይቻላል። ቦይለር ክፍል የሚገባው የቦይለር ኦፕሬተሩ ብቻ ነው።

አዲስ ኦፕሬተር፦ ሲያቃጥልስ? እናቴ ቡና ነበር የምታደርግልኝ።

እትዬ፦ የሁላችንም እናት እንደዚያው ናት። ቡናውንም ኮልጌቱንም ቅቤውንም ተይው። ቧንቧ ክፈቺና ቀዝቃዛ ውሃ እንዲፈስበት 20 ደቂቃ ያዢው። በረዶ አይደረግም። ውሃ የቋጠረውንም አታፍርጪው።

ትዕይንት 4፦ መጋዘን

ተራኪ፦ የጨርቅ ጥቅል በጋሪ ወይም ለሁለት ይነሳል። ለብቻዬ እችላለሁ የሚለውን ጎበዝ ወገቡ በኋላ ይጠይቀዋል። የእድፍ ማስለቀቂያ ኬሚካል ደግሞ በራሱ ጣሳ ብቻ ይቀመጥ። በሃይላንድ ጠርሙስ ከተቀዳ፣ የተጠማ ሰው ውሃ መስሎት ያነሳዋል።

ትዕይንት 5፦ መውጫ

ምስል፦ በር 3። ፊቱ የካርቶን ክምር ተደርድሯል። ካሜራው በሩ ላይ ረዘም አድርጎ ይቆያል።

ተራኪ፦ ይህን አላዘጋጀነውም። የቀረጻው ዕለት ስንመጣ እንዲህ ሆኖ ነው ያገኘነው።

ምስል፦ ሠራተኞች ካርቶኑን ያነሳሉ፤ በሩ ተገፍቶ ይከፈታል።

ተራኪ፦ እ.ኤ.አ. በ1911 ኒውዮርክ ውስጥ በአንድ የልብስ ፋብሪካ እሳት ተነስቶ 146 ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ነበሩ። አንደኛው የመውጫ በር ተቆልፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ባንግላዴሽ ውስጥ ራና ፕላዛ የተባለ ሕንፃ ሲፈርስ ከ1,100 በላይ ሰዎች አለቁ። ስንጥቁ ከአንድ ቀን በፊት ታይቷል፤ የስፌት ሠራተኞቹ ግን በማግሥቱ እንዲገቡ ተደርገዋል።

እትዬ፦ ስለዚህ በር ተቆልፎ ካየሽ፣ ግድግዳ ተሰንጥቆ ካየሽ፣ የሽቦ ሽታ ከሸተተሽ፣ ላይኑ እስኪያልቅ አትጠብቂ።

አዲስ ኦፕሬተር፦ ታርጌቱስ?

እትዬ፦ እኔ እጽፈዋለሁ። ምክንያቱንም እጽፈዋለሁ። አደጋ አይታ ማሽን ያቆመች ሠራተኛ ማስጠንቀቂያ አይሰጣትም።

ተራኪ፦ ደወሉ ሲጮኽ ማሽን ይጠፋል፣ ቦርሳ ይተዋል፣ በአቅራቢያ ባለው መውጫ ወደ ሰርቪስ ማቆሚያው ይወጣል። ጭስ ካለ ዝቅ ብላችሁ ሂዱ። የእሳት ማጥፊያው የሚነሳው እሳቱ ገና ትንሽ ከሆነና ከሚያነሳው ሰው ጀርባ መውጫ ካለ ብቻ ነው። ፒኑ ይነቀላል፣ አፉ ወደ እሳቱ ሥር ይነጣጠራል፣ ይጨመቃል፣ ግራና ቀኝ ይጠረጋል። የካርቦን ዳይኦክሳይዱን ቀንድ በባዶ እጅ አትያዙት፤ ቅዝቃዜው ይልጣል። ኤሌክትሪክ ላይ ውሃ አይደፋም። የእሳት አደጋ ስልክ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ትዕይንት 6፦ ክሊኒክ

ምስል፦ ነርሷ የአደጋ መዝገብ ስትሞላ።

ተራኪ፦ ማንኛውም ጉዳት በዚያው ሺፍት ይመዘገባል፤ ማንንም ሳይጎዳ ያለፈ አደጋም ጭምር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ሕክምና ወጪ የአሠሪው ነው። ያልተመዘገበ ጉዳት ግን በኋላ ለማስረዳት ይከብዳል። እርጉዝ የሆነች እህት ለነርሷ ቶሎ ትንገራት፤ ከባድ ማንሳትና የሌሊት ሺፍት ይቀርላታል።

ምስል፦ የሥልጠና ቅጽ፣ እስክሪብቶ።

ተራኪ፦ ቅጹን አሁን አትፈርሙ። ከዚህ ስትወጡ እትዬ በር 3 ጋ ትጠብቃችኋለች። ከየማሽናችሁ እስከ ቅርቡ መውጫ በእግራችሁ አንድ ጊዜ ትሄዳላችሁ፣ ማብሪያውን በእጃችሁ ታጠፋላችሁ፣ ያልገባችሁን ትጠይቃላችሁ። ፊርማው ከዚያ በኋላ ነው።