የጉዲፈቻ ልጅ ለመቀበል ፈቃድ ስለመጠየቅ

ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል ኃላፊ
ለወ/ሮ ሮማን

ጉዳዩ፦ ለጉዲፈቻ ልጅ መንከባከቢያ የሚሆን ከደመወዝ ጋር የሚሰጥ ፈቃድ ስለመጠየቅ

እንደምን ሰነበቱ?

እኔና ባለቤቴ የጉዲፈቻ ልጅ ለመቀበል ሂደት ከጀመርን ከዓመት በላይ ሆኖናል። ጥቅምት 27 ቀን 2018 ዓ.ም. ፍርድ ቤት ስምምነቱን አጽድቆልናል። ልጃችን ሴት ናት፤ 8 ወሯ ነው። እስካሁን ያለችው በአዲስ አበባ በሚገኝ የሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ ነው። ሰኞ ኅዳር 29 ቀን ወደ ቤታችን እናመጣታለን።

ስለዚህ ከኅዳር 29 ቀን ጀምሮ 90 የሥራ ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ፈቃድ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። ይህ መመሪያችን ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ጊዜ ነው። ከወሊድ በፊት ያለውን 30 ቀን አልጠየቅሁም። እሱ ለነፍሰ ጡር የተሰጠ ነው፤ እኔን አይመለከትም።

ጉዳዩን ባለፈው ሳምንት በቃል ባነሳሁ ጊዜ ከክፍልዎ ያገኘሁት መልስ «መመሪያው የሚለው ወሊድ ብቻ ነው፤ የዓመት ፈቃድሽን ተጠቀሚ፣ ካልበቃሽ ያለ ደመወዝ ውሰጂ» የሚል ነበር። መልሱ በክፋት እንዳልተሰጠኝ አውቃለሁ። መመሪያውን ያዘጋጁት ሰዎች ይህ ነገር ይገጥማል ብለው አላሰቡም፤ እስካሁንም ከመካከላችን የጠየቀ የለም። ነገር ግን መመሪያው ዝም ማለቱ ከልክሏል ማለት አይደለም። ለዚህ ነው በጽሑፍ የመጣሁት።

አንድ ነገር በግልጽ ልበል። የወለደች እናት ሰውነቷ እስኪጠገን ጊዜ ያስፈልጋታል፤ እኔ ያ የለብኝም። የሌለብኝን አለብኝ አልልም። ግን ከወሊድ በኋላ ያለው ጊዜ ለቁስል መዳኛ ብቻ የተሰጠ ነው ብዬ አላምንም። ሕፃኑ እናቱን እንዲለምድ፣ በሰዓቱ እንዲበላ፣ እንዲከተብ፣ ሲታመም የሚያነሳው ሰው እንዲኖር ጭምር ነው። ይህ ክፍል የእኔንም ልጅ ይመለከታል።

የእሷ ነገር ደግሞ የራሱ ክብደት አለው። እስካሁን በፈረቃ በሚቀያየሩ ሞግዚቶች እጅ ነው ያለችው። የማሳደጊያው የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ የነገሩን፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚያበላት፣ የሚያጥባትና የሚያስተኛት በተቻለ መጠን ያው አንድ ሰው ቢሆን እንደሚሻል ነው። እኛ ቤት ስትገባ የምታውቀው ሰው፣ የምታውቀው አልጋ፣ የምታውቀው ድምፅ አይኖርም። በሁለተኛው ሳምንት ሠራተኛ ቀጥሬ ወደ ቢሮ ብመለስ፣ ገና እኔን ሳትለምድ ሌላ አዲስ ሰው ልሰጣት ነው። እንዲህ ባለ ሁኔታ ልጀምራት አልፈልግም። የ9 ወር የኩፍኝ ክትባቷም ቤት እንደገባች የሚደርስ ነው።

ስለ ሕጉ ጥቂት ልጨምር። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ ጉዲፈቻ ፈቃድ አይናገርም፤ ይህን አልክድም። ሕጉ ግን ዝቅተኛውን ወለል ነው የሚያስቀምጠው። አሠሪ ከዚያ በላይ እንዳይሰጥ የሚከለክለው የለም። ድርጅታችንም ይህን ከዚህ በፊት አድርጎታል። ለወለደ አባት አዋጁ 3 ተከታታይ ቀን ሲል የእኛ መመሪያ 7 ቀን ይሰጣል። ያን የወሰነው አመራር ሕግ አስገድዶት ሳይሆን ተገቢ መስሎት ነው።

በሌላ በኩል የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የጉዲፈቻ ልጅ በማናቸውም ረገድ እንደ ጉዲፈቻ አድራጊው ልጅ እንደምትቆጠር ይደነግጋል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ወላጅ ላጡ ልጆች ልዩ ጥበቃ እንዲደረግ፣ በጉዲፈቻ የሚያድጉበትን ሁኔታ የሚያመቻቹ ተቋማትም እንዲበረታቱ ይላል። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ አገር ጉዲፈቻ በሕግ ቀርቷል። እንግዲህ በማሳደጊያ ያሉ ልጆች ተስፋቸው እዚሁ አገር ያለነው ቤተሰቦች ነን። እኛም አብዛኞቻችን የወር ደመወዝተኞች ነን። ልጅ ስንቀበል ሥራችንና ደመወዛችን የሚናጋ ከሆነ፣ ፍላጎቱ ያለው ሰው ሁሉ እየፈራ ይቀራል።

የዓለም የሥራ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 191 ላይ፣ ጉዲፈቻ በሕግ ባለበት አገር አሳዳጊ ወላጆች በእናትነት ጥበቃው ሥርዓት፣ በተለይም በፈቃድ ረገድ፣ ተጠቃሚ እንዲሆኑ ይመክራል። ጎረቤታችን ኬንያ ለጉዲፈቻ አንድ ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር በሕግ ትሰጣለች። ምክረ ሐሳብ አስገዳጅ እንዳልሆነ፣ የኬንያም ሕግ እዚህ እንደማይሠራ አውቃለሁ። ያነሳሁት ጥያቄዬ እንግዳ ነገር እንዳልሆነ ለማሳየት ነው።

የዓመት ፈቃድን በተመለከተ፣ የቀረኝ 14 የሥራ ቀን ነው። ሦስት ሳምንት እንኳ አይሞላም። ያለ ደመወዝ መውጣት ደግሞ ወጪ በጨመረበት ሰዓት ገቢያችንን በግማሽ መቁረጥ ነው። አብራኝ የምትሠራ ጓደኛዬ ስትወልድ ይህን አልተጠየቀችም፤ መጠየቅም አልነበረባትም።

የሥራው ነገር እንደሚያሳስብዎ ይገባኛል፤ እኔንም ያሳስበኛል። በዚህ ቤት ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ፤ የክፍላችንን ጫና አውቃለሁ። ከመውጣቴ በፊት የኅዳር ወር የደመወዝ ስሌት፣ የጡረታ መዋጮውና የግብር ማስታወቂያ ሰነዶቹ ተዘጋጅተው ይጠናቀቃሉ። ከታኅሣሥ ጀምሮ የደመወዙን ሥራ ረዳቴ ይይዛል፤ ባለፈው ክረምት የዓመት ፈቃድ ላይ ሳለሁም ይዞት ነበር። የተጨማሪ እሴት ታክሱን የክፍል ኃላፊያችን ለማየት ተስማምተዋል። የርክክብ ሰነዱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። የግማሽ ዓመቱ ሒሳብ ሲዘጋ ጥያቄ ካለ በስልክ እመልሳለሁ።

90 ቀኑን በአንድ ጊዜ መስጠት በእውነት የማይቻል ከሆነ ለመነጋገር ዝግጁ ነኝ። ለምሳሌ 60 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ተሰጥቶኝ፣ የዓመት ፈቃዴ ተጨምሮበት፣ ለቀሪው ጊዜ በግማሽ ቀን ልሥራ። ከዚያ በታች ግን ለልጅቷ አይበቃም። ደግሜ አስቤበት ነው ይህን የምለው።

ሁለት ነገሮች ልለምንዎ። አንደኛ፣ የልጅቷ የኋላ ታሪክ የራሷ ነው። የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ቅጂ ያያያዝሁት እርስዎ እንዲያዩት ነው፤ ከግል ማኅደሬ ውጪ እንዳይወጣ፣ የቢሮ ወሬም እንዳይሆን አደራ እላለሁ። ልጅ መቀበሌን ራሴ ለባልደረቦቼ በደስታ እነግራለሁ። ሁለተኛ፣ ለእኔ የሚሰጠው መልስ ምንም ይሁን፣ መመሪያው በሚሻሻልበት ጊዜ የጉዲፈቻ ልጅ የሚቀበሉ እናቶችና አባቶች በግልጽ ይካተቱበት። ከእኔ በኋላ የሚመጣ ሠራተኛ ደብዳቤ ሳይጽፍ መብቱን ከመመሪያው ላይ ያንብብ።

ለዝግጅት እንዲመቸኝ መልሱን እስከ ኅዳር 19 ቀን በጽሑፍ ቢያሳውቁኝ አመሰግናለሁ። ከዚያ በፊት ቀርቤ ላስረዳ የሚገባ ነገር ካለ በሚመችዎ ሰዓት እመጣለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ትዕግሥት አለማየሁ
ከፍተኛ የሒሳብ ባለሙያ

አባሪ፦ የፍርድ ቤት ውሳኔ ቅጂ፣ የሥራ ርክክብ ሰነድ

ግልባጭ፦
ለፋይናንስ ክፍል ኃላፊ (ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔው)