ለሃና፦ የትራንዚት ሰነድ ባለሙያ ቦታን በተመለከተ የደረስንበት ውሳኔ

ሰላም ሃና፣

ለትራንዚት ሰነድ ባለሙያ ቦታ ሌላ ሰው መርጠናል። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የጻፍኩት መልሱን ፍለጋ እስከ ታች እንዳትወርጂ ነው።

ቀሪው ረዘም ይላል። በስልክ አነጋገርንሽ፣ የጽሑፍ ፈተና ወሰድሽ፣ ፓነል ፊት ቀረብሽ፣ በመጨረሻም ሞጆ ደረቅ ወደብ ድረስ አብረሽን ወረድሽ። ይህን ሁሉ ያለፈ ሰው «ለጊዜው አልተሳካም፣ መልካም ዕድል» ተብሎ ሊሸኝ አይገባም። ለምን እንዳልሆነ፣ ምን እንዳየንብሽና ምን እንደጎደለ በግልጽ የማወቅ መብት አለሽ። በመጨረሻው ቀን «አንቱታው ይቅር፣ አንቺ በሉኝ» ስላልሽን እንደዚያው ጽፌልሻለሁ።

ምክንያቱ አንድ ነው። በዚህ ቦታ የሚቀመጠው ሰው ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ዲክላራሲዮን ብቻውን ማዘጋጀት አለበት። ሥራውን የያዘው ባልደረባችን በወሩ መጨረሻ ይለቃል፤ ከአዲሱ ሰው ጎን ተቀምጦ የሚያሳይ ሌላ ትራንዚተር እዚህ ቢሮ የለንም። የመረጥነው ሰው ይህን ሥራ ለዓመታት ሠርቷል፤ የጉምሩክ አስተላላፊነት የብቃት ማረጋገጫም አለው። አንቺ ደግሞ የመጋዘንና የስርጭት ሥራ በደንብ ታውቂያለሽ፤ ዲክላራሲዮን ግን እስካሁን ከሌሎች ተቀብለሽ እንጂ ራስሽ ሞልተሽ አታውቂም። ይህንንም በመጀመሪያው የስልክ ንግግር ሳትደብቂ ነግረሽናል። ሳትሸፋፍኚ መናገርሽ በእኔ ዘንድ ትልቅ ቦታ አለው።

በአገራችን ሥራ ፈላጊ ሁሉ የሚያነሳው አንድ ጥርጣሬ አለና እሱንም ልመልስ። ቦታው አስቀድሞ ለሰው የተያዘ አልነበረም። የተመረጠውን ሰው እኔም ሆንኩ ፓነሉ ላይ የነበሩት ሁለቱ ባልደረቦቼ ከማመልከቻው በፊት አናውቀውም። የጽሑፍ ፈተናው የታረመው በስም ሳይሆን በቁጥር ነው። የጠየቅሽው ደሞዝም ምክንያት አልሆነም፤ በጀታችን ውስጥ ነበር። ከአሰላ መምጣትሽም፣ ዕድሜሽም አልተነሳም። በፓነሉ ቀን ድምፅሽ ትንሽ ተንቀጥቅጦ እንደነበር አንቺው ራስሽ ስትወጪ ነግረሽኛል። ያን እኛ ከቁጥር አላስገባነውም፤ አንቺም ከዛሬ ጀምሮ ተዪው።

አሁን ወደ ጥሩው ልምጣ፤ ይሄኛውን ስጽፍ ደስ ይለኛል።

በፈተናው ውስጥ ሆን ብለን የቀበርነው ስህተት ነበር። ፓኪንግ ሊስቱ ላይ ጠቅላላ ክብደቱ 18,640 ኪሎ ነው፤ ቢል ኦፍ ሎዲንጉ ላይ ግን 16,840። ሁለት አኃዝ ብቻ ነው የተዘዋወረው፤ በችኮላ ለሚያነብ ዓይን አይታይም። ከተፈታኞቹ መካከል ያየሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ማየት ብቻ አይደለም። ዲክላራሲዮኑ ከመግባቱ በፊት የመርከብ ወኪሉ ሰነዱን እንዲያስተካክል የምትጠይቂበትን አጭር ደብዳቤ እዚያው ጽፈሽ ከወረቀትሽ ጋር አያያዝሽው። ማንም አላዘዘሽም። እንዲህ ያለ ልዩነት ሳይታይ ቢያልፍ ሞጆ ላይ ሚዛኑ ያወጣዋል። ከዚያ በኋላ ኮንቴይነሩ ይቆማል፣ ጥያቄ ይመጣል፣ የማከማቻ ኪራይና ዲመሬጁ መቁጠር ይጀምራል፣ ደንበኛው በየሰዓቱ ይደውላል። ያቺ ደብዳቤ ይህን ሁሉ የምታስቀር ነበረች። ኮፒዋን አስቀምጫታለሁ፤ ለባልደረቦቼም አሳይቻቸዋለሁ።

ሁለተኛው የሹፌሩ ጥያቄ ነው። ፓነሉ ላይ አንደኛው ባልደረባችን ሹፌር ሆኖ «ከጋላፊ ገብቼ ሚሌ ላይ መኪናው ቆመብኝ» ብሎ ሲደውልልሽ፣ መጀመሪያ የጠየቅሽው «አንተ ደህና ነህ? የት ነው ያቆምከው?» ብለሽ ነው። ቀጥሎ የኮንቴይነሩ ማሸጊያ እንዳልተነካ አረጋገጥሽ፣ ቁጥሩን እንዲያነብልሽ አደረግሽ፤ ከዚያ በኋላ ነው ስለ ሰዓቱ ያነሳሽው። አብዛኛው ሰው «መቼ ትደርሳለህ?» ብሎ ነው የሚጀምረው። በዚያ መንገድ ላይ ሹፌር የሚያምነው ሰው ቢሮ ውስጥ መኖሩ ስንት ነገር እንደሚያድን የሚያውቅ ያውቀዋል። ይህን ማንም አያስተምርሽም፤ ይዘሽው መጥተሻል።

የጎደለውን ደግሞ እንደዚሁ ሳላለሳልስ ልንገርሽ። ሁለት ቦታ ነው።

አንደኛው ዋጋው ነው። የፓምፕ መለዋወጫው ኢንቮይስ በኤፍኦቢ 38,000 ዶላር ነበር። የባሕር ማጓጓዣው 4,200፣ ኢንሹራንሱ 190 ዶላር መሆኑ በሌላ ወረቀት ተሰጥቶሻል። አንቺ ቀረጡን ያሰላሽው በ38,000 ላይ ነው። የቀረጥ ማስከፈያው ዋጋ ግን ማጓጓዣውንና ኢንሹራንሱን ይጨምራል፤ ማለትም 42,390 ነው። የጎደለው 4,390 ዶላር ቀረጡን ብቻ አያዛባም። ሱር ታክሱና ተጨማሪ እሴት ታክሱም የሚሰሉት በዚያው ላይ ተደርበው ስለሆነ ጉድለቱ እየተቆለለ ይሄዳል። ሰነዱ ሲመረመር ልዩነቱ ከነቅጣቱ በአስመጪው ላይ ይመጣል። ኢንቮይስ ባነሳሽ ቁጥር ከድምሩ በፊት የሽያጭ ውሉን ዓይነት ተመልከቺ፦ ኤፍኦቢ ነው ወይስ ሲአይኤፍ? ይህን ልማድ ካደረግሽው ስህተቱ አይደገምም።

ሁለተኛው ምደባው ነው፤ ይሄኛው እንኳ ብዙ ልምድ ያለውን ሰው ያስታል። የብረት ክፍሎቹን 8413.91 ውስጥ ማስገባትሽ ትክክል ነው፤ የፓምፕ ክፍሎች መደብ እሱ ነው። የጎማ ማሸጊያ ቀለበቶቹን ግን እነሱ ውስጥ ጨመርሻቸው። ለፓምፕ የሚሠሩ ስለሆኑ ሐሳብሽ ይገባኛል። ነገር ግን የታሪፍ መጽሐፉ ክፍል 16 መግቢያ ላይ ያለው የመጀመሪያው ማስታወሻ ለማሽን የሚያገለግሉ ለስላሳ የጎማ ዕቃዎችን ከዚያ ክፍል ያወጣቸዋል። ቦታቸው 4016.93 ነው። ሰው ሁሉ ቀጥታ ወደ ቁጥሩ ይሮጣል፤ መልሱ ያለው ግን በየክፍሉና በየምዕራፉ መግቢያ ላይ ያሉት ማስታወሻዎች ውስጥ ነው። ጊዜ ካለሽ በቅድሚያ እነሱን አንብቢ። የጉምሩክ አዋጁን 859/2006ን ከማሻሻያው 1160/2011 ጋርም አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ማየቱ ይጠቅምሻል።

ከፓነሉ በኋላ ስለ አንቺ ረጅም ሰዓት ተወያይተናል። አንደኛው ባልደረባችን «እንውሰዳትና እናሠልጥናት» ብሎ በጣም ተከራክሯል። እኔም ልቤ ወደዚያው አዘንብሎ ነበር። የከለከለን የሚያሠለጥን ሰው አለመኖሩ ነው። ያለ ደጋፊ አስቀምጠንሽ በሁለተኛው ሳምንት የአንድ አስመጪ ኮንቴይነር በአንቺ ፊርማ ሞጆ ላይ ቢቆም፣ ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእኛ ሆኖ ሳለ ስምሽ ግን አብሮ ይነሳል። አዳማና ሞጆ ላይ በዚህ ሥራ ያለው ሰው ሁሉ ይተዋወቃል። ገና ስትጀምሪ ያን ዓይነት ነገር እንዲገጥምሽ አልፈለግንም።

«ፋይልሽን እናስቀምጣለን፣ እንደውልልሻለን» የሚለውን ተስፋ አልሰጥሽም፤ በቅርቡ የሚከፈት ሌላ ቦታ የለንም። ስለዚህ እኛን አትጠብቂ። የአሰላውን ሥራሽንም አሁን አትልቀቂ። ትራንዚተር ሥር በረዳትነት የሚያስቀምጥ መሥሪያ ቤት ብታገኚ፣ ደሞዙ አሁን ከምታገኚው ብዙም ባይበልጥ እንኳ፣ በእኔ አስተያየት ግቢበት። የጎደለሽ እውቀት በሥራ ላይ በወራት የሚገኝ ነው። ከዚያ ለብቃት ፈተናው ትዘጋጃለሽ። እንዲህ ያለ ቦታ ስታመለክቺ እኔን በምስክርነት መጥራት ትችያለሽ። ቢደውሉልኝ ስለ ክብደቱ ስህተትና ስለ ሹፌሩ የጻፍኩልሽን ሳልቀንስ እነግራቸዋለሁ።

የፈተና ወረቀትሽን ማየት ከፈለግሽም ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ቢሮ ነኝ። አብረን ቁጭ ብለን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እናየዋለን፤ ታሪፍ መጽሐፉንም እከፍትልሻለሁ። መምጣት ካልተመቸሽ በስልክ ይሆናል። ካልፈለግሽውም አልቀየምም፤ ከእንዲህ ያለ መልስ በኋላ ሰው ያንን ቢሮ ደግሞ ማየት ላይፈልግ ይችላል።

ሦስት ነገር ቀርቶኛል። አሁን ወዳለሽበት መሥሪያ ቤት አልደወልንም፤ ማመልከትሽን ከእኛ በኩል የሰማ የለም። የትምህርት ማስረጃሽ ኮፒ በታሸገ ፖስታ እንግዳ መቀበያው ጋ ተቀምጧል፤ ራስሽ ወይም የምትልኪው ሰው መውሰድ ይችላል። ከአሰላ አዳማ ለተመላለስሽበትና ሞጆ ለወረድሽበት ቀን የትራንስፖርትና የምሳ ወጪሽን ሒሳብ ክፍል አዘጋጅቷል። የባንክ ሒሳብ ቁጥርሽን በዚህ ኢሜይል መልስ ላይ ከላክሽልኝ እስከ ዓርብ ይገባልሻል። ደረሰኝ አያስፈልግም።

ከሥራ ፈቃድ እየወሰድሽ፣ ሌሊት ተነስተሽ ሚኒባስ እየያዝሽ እንደመጣሽ አውቃለሁ። ሁልጊዜም ከሰዓቱ በፊት ነው የደረስሽው። ስለዚህ ሁሉ ከልብ አመሰግንሻለሁ።

አክባሪሽ፣
አስቴር
የኦፕሬሽን ክፍል ኃላፊ፣ አዳማ