ሰባ፣ ሰማንያ፣ ዘጠና፦ የፈረንሳይኛ ቁጥር ያለ ድንጋጤ

ማርሴይ በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት አንዲት ሴትዮ የሚከራይ ክፍል እንዳላቸው ሰማሁ። ስልካቸውን በቃል ነገሩኝ፤ እኔም የሰማሁትን አንድ በአንድ ጻፍኩ። ቤት ገብቼ ብቆጥረው 18 አሃዝ ሆኗል። የፈረንሳይ ስልክ ደግሞ 10 አሃዝ ብቻ ነው። ክፍሉን ሌላ ሰው ተከራየው።

የነገሩኝ ቁጥር 06 39 98 75 92 ነበር እንበል። እኔ ወረቀት ላይ ያሰፈርኩት ግን 06 39 4 20 18 60 15 4 20 12 ነው። ጆሮዬ አልሳተም፤ የሰማሁትን በትክክል ነው የጻፍኩት። ያልገባኝ ፈረንሳዮች ከ70 በላይ ሲቆጥሩ እየደመሩና እያባዙ መሆኑ ነው። የዛሬው ትምህርት ስለዚሁ ነው።

መጀመሪያ መሠረቱን እንያዝ። ከ1 እስከ 10፦ ኧን፣ ደ፣ ትሯ፣ ካትር፣ ሳንክ፣ ሲስ፣ ሴት፣ ዊት፣ ነፍ፣ ዲስ። (ሰባት «ሴት» ነው። ክፍል ውስጥ ሁሌ ይሳቅበታል፣ ግን ስለሚያስቅ ማንም አይረሳውም።) ከ11 እስከ 19 ያሉትን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላችሁ ያዙ፣ ቆይተው ሥራ አላቸው፦ ኦንዝ፣ ዱዝ፣ ትሬዝ፣ ካቶርዝ፣ ካንዝ፣ ሴዝ፣ ዲሴት፣ ዲዝዊት፣ ዲዝነፍ። ከዚያ ቫን 20፣ ትራንት 30፣ ካራንት 40፣ ሳንካንት 50፣ ሱዋሳንት 60። «ቫን» እና «ትራንት» ውስጥ ያለችው «ን» ወደ አፍንጫ የምትሄድ ናት፤ ምላሳችሁ ላንቃን አይንካ።

እስከ 69 ድረስ እንደኛው ነው። ሠላሳ አራት «ትራንት ካትር»፣ ስድሳ አምስት «ሱዋሳንት ሳንክ»። አንድ ሲጨመር ብቻ «ና» የምትል «ኤ» ትገባለች፦ 21 «ቫንቴ ኧን»፣ 61 «ሱዋሳንቴ ኧን»።

አሁን ወደ ጉዱ። ሰባ የሚባል ራሱን የቻለ ቃል የላቸውም። ስድሳ ላይ አሥር ይጨምራሉ፦ «ሱዋሳንት ዲስ»። እንግዲህ 71 ስድሳና አሥራ አንድ ነው፣ «ሱዋሳንቴ ኦንዝ»። 72 «ሱዋሳንት ዱዝ»፣ 75 «ሱዋሳንት ካንዝ»፣ 79 «ሱዋሳንት ዲዝነፍ»።

ሰማንያ ደግሞ አራት ጊዜ ሃያ ነው፦ «ካትረ ቫን»። 81 «ካትረ ቫን ኧን»፤ እዚህ «ና» የለችም። 85 «ካትረ ቫን ሳንክ»። ዘጠና ሲደርስ ሁለቱ ዘዴ ይገጣጠማል፣ አራት ጊዜ ሃያ ሲደመር አሥር፦ «ካትረ ቫን ዲስ»። 91 «ካትረ ቫን ኦንዝ»፣ 97 «ካትረ ቫን ዲሴት»፣ 99 «ካትረ ቫን ዲዝነፍ»። ከዚያ «ሳን» 100 ብሎ ያርፋል።

ምን ዓይነት ቁጥር ነው ከማለታችን በፊት ግን የራሳችንን እናስታውስ። በግእዝ አኃዝ ሁለት ሺህን ፳፻ ብለን እንጽፋለን፤ ሃያ ጊዜ መቶ ማለት ነው። ማባዛቱ ለእኛም አዲስ አይደለም። ፈረንሳዮች ድሮ በሃያ መቁጠር ይወዱ ነበር። ፓሪስ ውስጥ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ሉዊ 9ኛ ለ300 ዓይነ ስውራን ያቋቋሙት ቤት ዛሬም የዓይን ሆስፒታል ነው፤ ስሙም «ካንዝ ቫን»፣ ማለትም አሥራ አምስት ሃያ ነው። 15 ጊዜ 20፣ ሦስት መቶ።

ቤልጂየምና ስዊዘርላንድ ያላችሁ ግን ተገላገላችሁ። እዚያ 70 «ሴፕታንት»፣ 90 «ኖናንት» ነው። ሰማንያን ቤልጂየሞች እንደ ፈረንሳዮቹ «ካትረ ቫን» ይላሉ፤ በአንዳንድ የስዊዘርላንድ ክልሎች፣ ለምሳሌ በሎዛን አካባቢ፣ «ዊታንት» ትሰማላችሁ። ጅቡቲ የሚመላለስ ሰው ደግሞ ከ70ዎቹ አያመልጥም። የአገሩ የሞባይል ቁጥር በ77 ነው የሚጀምረው፦ «ሱዋሳንት ዲሴት»።

ዋጋ

ዋጋ ሲጻፍ በነጥብ ፈንታ ኮማ ይገባል፦ 4,95። ሲነገር ኮማው ቦታ ላይ «ኧሮ» ይባላል፣ ሳንቲሙ ስሙ አይጠራም፦ «ካትር ኧሮ ካትረ ቫን ካንዝ»።

አንድ ወጥመድ አለ። «ኧሮ» ከፊቱ ካለው ቁጥር ድምፅ ይበደራል። 1 ዩሮ «ኧን ነሮ»፣ 2 ዩሮ «ደ ዘሮ»፣ 20 ዩሮ «ቫን ተሮ»፣ 80 ዩሮ «ካትረ ቫን ዘሮ»፣ 100 ዩሮ «ሳን ተሮ»። «ደ ዘሮ» ሲባል ሁለት ዜሮ የሚመስለው ብዙ ነው። እኔም ገበያ ላይ የሁለት ዩሮ ሽንኩርት ይዤ ነጻ ነው እንዴ ብዬ ቆሜያለሁ።

መልመጃ 1። ጮክ ብላችሁ አንብቡ።
ሀ. ዳቦ 1,20
ለ. አንድ ኪሎ ቲማቲም 2,80
ሐ. ጫማ 79,90
መ. ጃኬት 91
ሠ. ያገለገለ ብስክሌት 80

መልመጃ 2። ሻጩ የሚለውን በአሃዝ ጻፉ።
ሀ. ካትረ ቫን ዲዝዊት ኧሮ ሳንካንት
ለ. ሱዋሳንት ካቶርዝ ኧሮ ካትረ ቫን ዱዝ
ሐ. ሱዋሳንት ዲ ዘሮ
መ. 100 ዩሮ ሰጣችሁ፣ ዕቃው «ሱዋሳንት ሴዝ» ነው። መልሱ ስንት ነው? በፈረንሳይኛ ተናገሩት።

ስልክ

ስልክ ሁለት ሁለት እየተደረገ ይነገራል፣ አምስት ጥንድ። 06 እና 07 ሞባይል ነው፤ እስከ 2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ድረስ 01 የፓሪስ አካባቢ፣ 04 ደግሞ ማርሴይን ጨምሮ የደቡብ ምሥራቁ ነበር። የመጀመሪያው ጥንድ ዜሮ ስላለበት «ዜሮ ሲስ» ይባላል።

ዋናው ብልሃት እጅን መያዝ ነው። «ሱዋሳንት» ስትሰሙ 6 አትጻፉ፤ ቀጣዩ ቃል እስኪመጣ ጠብቁ። የመጣው ከ1 እስከ 9 ከሆነ 6፣ ከ10 እስከ 19 ከሆነ 7 ትጽፋላችሁ። «ካትረ ቫን» ስትሰሙም እንዲሁ፦ ከኋላው ያለው ትንሽ ከሆነ 8፣ «ኦንዝ» «ዱዝ» ካለ 9። ከ11 እስከ 19 ያሉትን በቃል ያዙ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ሰውዬው ከፈጠነባችሁ «ፕሉ ላንትማን ሲል ቩ ፕሌ» በሉት፣ ቀስ ይበሉ እባክዎ ማለት ነው። ከዚያ የጻፋችሁትን መልሳችሁ አንብቡለት። እኔ ሴትዮዋ ፊት ይህን ባደርግ ኖሮ ክፍሉ የእኔ ነበር።

መልመጃ 3። አንድ ሰው ያንብብላችሁ፣ እናንተ ጻፉ።
ሀ. ዜሮ ካትር፣ ሱዋሳንት ሳንክ፣ ሱዋሳንቴ ኦንዝ፣ ሱዋሳንት ዲዝነፍ፣ ካትረ ቫን ካቶርዝ
ለ. ዜሮ ሲስ፣ ትራንት ነፍ፣ ካትረ ቫን ዲዝዊት፣ ካትረ ቫን ሳንክ፣ ሱዋሳንት ሴዝ
ሐ. ዜሮ ኧን፣ ካትረ ቫን ዲዝነፍ፣ ዜሮ ዜሮ፣ ሱዋሳንት ዱዝ፣ ካትረ ቫን ኧን

መልመጃ 4። አሁን እናንተ ተናገሩ፦ 06 39 98 70 91።

መልስ

1። ሀ. ኧን ነሮ ቫን፤ ለ. ደ ዘሮ ካትረ ቫን፤ ሐ. ሱዋሳንት ዲዝነፍ ኧሮ ካትረ ቫን ዲስ፤ መ. ካትረ ቫን ኦንዝ ኧሮ፤ ሠ. ካትረ ቫን ዘሮ።

2። ሀ. 98,50፤ ለ. 74,92፤ ሐ. 70፤ መ. 24 ዩሮ፣ «ቫንት ካትር ኧሮ»። (ከ21 እስከ 29 ባሉት «ቫን» መጨረሻው ላይ «ት» ትሰማለች። «ካትረ ቫን» ላይ ግን ጭራሽ አትሰማም።)

3። ሀ. 04 65 71 79 94፤ ለ. 06 39 98 85 76፤ ሐ. 01 99 00 72 81። «ለ» ላይ 06 39 4 20 18 ብሎ የጀመረ ካለ አይፈር፣ ሰው አለው።

4። ዜሮ ሲስ፣ ትራንት ነፍ፣ ካትረ ቫን ዲዝዊት፣ ሱዋሳንት ዲስ፣ ካትረ ቫን ኦንዝ።